ከ1 ማነስ ብቻውን አይበቃም፦ ስለ ሬሾ ቴስት ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

«ሬሾ ቴስት ላይ ሊሚቱ 1 ሲሆን "አይታወቅም" የሚሉ መምህራን ሰንፈው ነው። ሬሾው ከ1 እየበለጠ ወደ 1 ከመጣ ሲሪሱ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ከ1 እያነሰ ከመጣ ግን ተርሞቹ ሁልጊዜ እየቀነሱ ስለሆነ ኮንቨርጅ ያደርጋል። 1/n ዳይቨርጅ ያደርጋል የሚባለውንም በኮምፒውተር ደምሬ አይቼዋለሁ፤ 15.403683 ላይ ደርሶ ቆመ። ራቤ ቴስት ምናምን የሚባለው ደግሞ ፈተና ለማክበድ የመጣ ነው።»

ጽሑፉ እጄ የገባው በወረቀት ነው። አራት ኪሎ የማስጠናት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማው መጣች። ከ1 እያነሰ የሚለውን መስመር በቢጫ ቀለም አስምራበታለች። «ቲቸር፣ ይሄ ከያዘ እኮ ግማሹን ቻፕተር ማንበብ አይጠበቅብኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቢይዝ ኖሮ ግማሹ ቻፕተር አያስፈልግም ነበር።

ጸሐፊውን አላውቀውም። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ተራ በተራ ልመልስለት። ሲሪስ ማለት ሳያልቁ የሚቀጥሉ ቁጥሮች ድምር ነው፤ የሚደመሩት ቁጥሮች ተርሞቹ ናቸው። የማወራው ተርሞቻቸው ሁሉ ፖዘቲቭ ስለሆኑ ሲሪሶች ነው፤ እሱም የሚያወራው ስለነሱ ነው። ኮንቨርጅ ያደርጋል ማለት ድምሩ ወደ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይጠጋል ማለት ነው። ተርሞቹ ፖዘቲቭ ሲሆኑ ዳይቨርጅ ያደርጋል ማለት ደግሞ የፈለግከውን ቁጥር ብትጠራ ድምሩ አንድ ቀን ያልፈዋል ማለት ነው። ሬሾ ቴስት የሚቀጥለውን ተርም በፊተኛው ያካፍልና የሬሾውን ሊሚት ያያል፤ ከ1 ካነሰ ኮንቨርጅ፣ ከበለጠ ዳይቨርጅ፣ 1 ከሆነ ግን አይታወቅም ይላል።

ትክክል ከሆነበት ልጀምር። ሬሾው ከ1 እየበለጠ ወደ 1 ሲመጣ ሲሪሱ በእርግጥ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ምክንያቱም ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተርም ከፊተኛው ይበልጣል። እየጨመረ የሚሄድ ፖዘቲቭ ቁጥር ደግሞ ዜሮ ሊደርስ አይችልም። ተርሞቹ ወደ ዜሮ ካልሄዱ ድምሩ የሚረጋበት መንገድ የለም።

ይህች ነገር እኔንም አንድ ጊዜ ነጥብ አስጥላኛለች። ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ∑ n!·eⁿ/nⁿ መጣ። የሚቀጥለውን ተርም በፊተኛው ስናካፍል e/(1+1/n)ⁿ ይወጣል። (1+1/n)ⁿ ወደ e እየጨመረ ይሄዳል እንጂ e ላይ አይደርስም። ስለዚህ ሬሾው ምንጊዜም ከ1 ይበልጣል፤ ሊሚቱ ግን 1 ነው። እኔም «ከ1 ስለሚበልጥ ዳይቨርጅ ያደርጋል» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ «ሊሚቱ 1 ነው፣ አይታወቅም» ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ተርም e ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ከሱ ይበልጣሉ፤ ምኑ ነው የማይታወቀው? እና ጸሐፊው መምህራን ላይ ቢናደድ በዚህኛው አልፈርድበትም።

ችግሩ ያለው በሌላኛው ወገን ነው።

«ተርሞቹ ሁልጊዜ እየቀነሱ ስለሆነ» የሚለውን ምክንያት ብቻ እንያዝ። እስቲ 1+1/n የሚለውን ተርም ውሰዱ። የመጀመሪያው 2 ነው። ከዚያ 1.5፣ ከዚያ 1.333፣ ከዚያ 1.25 እያለ ይወርዳል። ሁልጊዜ ይቀንሳል፣ አንድም ጊዜ አይጨምርም። ሬሾውን ብታሰሉት 1 − 1/(n+1)² ይመጣል። ከ1 ያንሳል፣ ወደ 1 ይሄዳል፤ ጸሐፊው የጠየቀው ሁሉ ተሟልቷል። ግን እያንዳንዱ ተርም ከ1 ይበልጣል! ሺህ ተርም ብትደምሩ ከሺህ ያለፈ ነገር ታገኛላችሁ፤ ሚሊዮን ብትደምሩ ከሚሊዮን ያለፈ። ይህን ለማየት 1/n ላይ መከራከርም ሆነ ኮምፒውተር መክፈት አያስፈልግም።

ተማሪዋ ይህን ሳሳያት ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ተርሞቹ ወደ ዜሮ ይሂዱ የሚል ብንጨምርበትስ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ሬሾ ቴስት ራሱ ለምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ሁሉም ሬሾዎች ከ0.9 አይበልጡም እንበል። የመጀመሪያው ተርም 1 ከሆነ ሁለተኛው ከ0.9 አይበልጥም፤ ሦስተኛው ከ0.81፣ አራተኛው ከ0.729። እነዚህ የጂኦሜትሪክ ሲሪስ ቁጥሮች ናቸው፤ ድምራቸውም 1/(1−0.9) ማለትም 10 ነው። የኛ ሲሪስ ከሱ ስር ስላለ ከ10 ማለፍ አይችልም። ማስረጃው በቃ ይኸው ነው። ሥራውን የሠራው ሬሾው ከ1 ማነሱ አይደለም። 0.9 የሚባል አንድ የማይነቃነቅ ጣሪያ መኖሩ ነው፤ ጣሪያውና 1 መካከል ደግሞ ክፍተት አለ።

ሊሚቱ ከ1 ሲያንስ ይህ ክፍተት በነጻ ይገኛል። ሊሚቱ 0.8 ከሆነ 0.9ን ጣሪያ አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ ከተወሰነ ቦታ በኋላ ሬሾዎቹ ሁሉ ከሱ ስር ይገባሉ። ሊሚቱ 1 ሲሆን ግን ጣሪያ የሚተከልበት ቦታ የለም። የ1/n ሬሾ n/(n+1) ነው። 0.9 ልትተክል ስትል ከ9ኛው በኋላ አልፎህ ይሄዳል። 0.99 ብትል ከ99ኛው በኋላ ያልፍሃል። 0.999999 ብትል ትንሽ ያቆይሃል እንጂ ያው ነው። እያንዳንዱ ሬሾ ከ1 ያንሳል፤ ሁሉንም የሚያግድ ከ1 ያነሰ አንድ ቁጥር ግን የለም። ጸሐፊው ያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። እውነቱን ለመናገር በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የሚያምታታውም ይህንኑ ነው።

ለተማሪዋ ጥያቄ መልስ የሚሆነውም 1/n ነው። ተርሞቹ ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፣ ሬሾው ከ1 ያንሳል፣ ሊሚቱ 1 ነው። ድምሩ ግን አይረጋም። ይህን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኒኮል ኦሬም የተባለ ፈረንሳዊ አሳይቶታል፤ ዘዴው በብር ሊነገር የሚችል ነው። የመጀመሪያው ተርም 1 ብር፣ ሁለተኛው 50 ሳንቲም ነው። ሦስተኛውና አራተኛው 1/3 እና 1/4 ናቸው። ሁለቱም ከስሙኒ አያንሱም፤ አንድ ላይ ከ50 ሳንቲም ይበልጣሉ። ቀጣዮቹ አራቱ እያንዳንዳቸው ከ1/8 ስለማያንሱ አሁንም ከ50 ሳንቲም ያልፋሉ። ቀጥሎ ስምንቱ፣ ቀጥሎ አሥራ ስድስቱ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቡድኑ እየሰፋ ይሄዳል፤ መዋጮው ግን ከ50 ሳንቲም ወርዶ አያውቅም። ማለቂያ የሌለው ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ የትኛውንም ኪስ ይሞላል።

እንግዲህ 15.403683 ከየት መጣ?

ጸሐፊው ቁጥሩን ፈጥሮታል ብዬ አላምንም። እኔም ሞክሬው በትክክል ያንኑ አግኝቻለሁ። ፓይተን ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```python
import numpy as np
s = np.float32(0)
n = 1
while True:
    t = s + np.float32(1) / np.float32(n)
    if t == s:
        break
    s = t
    n += 1
print(n, s)
```

ስክሪኑ ላይ የሚወጣው `2097152 15.403683` ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ተርም ብትጨምሩ ንቅንቅ አይልም።

የቆመው ግን ሲሪሱ አይደለም፤ የቆመው ማሽኑ ነው። መርካቶ የኩንታል ሚዛን ላይ አንድ ፍሬ ጤፍ ብትጥሉ ሚዛኑ አይሰማውም። አንድ አንድ ፍሬ እየጣላችሁ እያንዳንዱን ለብቻ «ስንት ጨመረ?» ብትሉት ሁልጊዜ «ምንም» ይላችኋል፤ መጨረሻ ላይ ግን ጆንያው ሞልቷል። እዚህም ያው ነው። በ32 ቢት የሚቀመጥ ቁጥር ከ8 እስከ 16 ባለው መካከል የሚራመደው በ1/1048576 እርምጃ ነው። n 2097152 ሲደርስ የሚጨመረው 1/2097152 ነው፤ የእርምጃው ልክ ግማሽ። ማሽኑ ግማሹን ወደ ታች ያጠጋጋውና ድምሩ ባለበት ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ 2097152 ተርሞች ትክክለኛ ድምር 15.13 ገደማ ነው። ማሽኑ ያሳየው 15.40 ነው። ትርፉ በየእርምጃው የተጠራቀመ የማጠጋጋት ስህተት ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር የቆመበት ቦታ ብቻ አይደለም የተሳሳተው፣ ራሱም ስህተት ነው። ያው ፕሮግራም በ64 ቢት ቢሠራ በጭራሽ እዚያ ላይ አይቆምም፤ አልፎ ይሄዳል። ድምሩ የሲሪሱ ቢሆን ኖሮ የቢት ቁጥር ሲቀየር አብሮ አይቀየርም ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም መጠርጠሪያው ይሄ ነው።

በአንድ ነገር አዝንለታለሁ፤ 1/n በጣም ቀርፋፋ ነው። ሚሊዮን ተርም ተደምሮ 14.39 ነው። 20ን ለማለፍ ከ272 ሚሊዮን ተርም በላይ ያስፈልጋል። በዓይን ለሚያይ ሰው የቆመ ይመስላል። የቆመን ከዘገየ መለየት የዓይን ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ራቤ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ራሱን ጎድቷል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም እሱ የሚፈልገው ነገር ያለው እዚያ ነው። ሊሚቱ 1 ሲሆንም ከሬሾው መረጃ ማውጣት ይፈልጋል። ይቻላል! የሚወጣው ግን በየትኛው ወገን እንደመጣ በማየት አይደለም። በምን ፍጥነት እንደመጣ በማየት ነው።

ሁለት ሲሪሶችን ሺህኛው ተርም ላይ በካልኩሌተር እንያቸው። የ1/n ሬሾ 0.99900 ነው። የ1/n² ሬሾ 0.99800 ነው። ሁለቱም 1ን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ሬሾ ቴስት ለሁለቱም 1 ብሎ ዝም ይላል። ግን አንደኛው ዳይቨርጅ ሲያደርግ ሁለተኛው ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ ኦይለር ድምሩ π²/6 ማለትም 1.6449 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ያለው ለ1 የጎደላቸው ላይ ነው። አንደኛው የጎደለው አንድ ሺህኛ ነው፣ ሌላኛው ሁለት ሺህኛ። ጉድለቱን በ1000 ብታባዙት 1 እና 2 ይወጣል።

ራቤ ቴስት ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ከ1 ላይ ሬሾውን ይቀንሳል፣ የቀረውን በn ያባዛል፣ ሊሚቱን ይወስዳል። ውጤቱ ከ1 ከበለጠ ኮንቨርጅ፣ ካነሰ ዳይቨርጅ። መመዘኛው ጂኦሜትሪክ ሲሪስ መሆኑ ቀርቶ የ1/n ቤተሰብ ሆነ ማለት ነው። 1/nᵖ ላይ ጉድለቱ p/n ገደማ ነው፤ ስለዚህ ራቤ የሚነግረን የኛ ሲሪስ ከየትኛው p ጋር እንደሚመሳሰል ነው። ዮሴፍ ራቤ ይህን ያወጣው በ1830ዎቹ ሲሆን ፈተና የማክበድ ሐሳብ የነበረው አይመስለኝም።

አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ተማሪዋ ደብተር ላይ የነበረ ነው፤ በጸሐፊው ደንብ ሠርታ ኮንቨርጅ ብላዋለች። ተርሞቹ 1፣ 1/2፣ 3/8፣ 5/16፣ 35/128 እያሉ ይሄዳሉ። እያንዳንዱን ከፊተኛው የምናገኘው በ(2n+1)/(2n+2) በማባዛት ነው፤ n ከ0 ይጀምራል። መጀመሪያ በ1/2፣ ቀጥሎ በ3/4፣ ቀጥሎ በ5/6። ሬሾው ከ1 ያንሳል፣ ወደ 1 ይሄዳል።

ከ1 ስንቀንሰው 1/(2n+2) ይቀራል። በn ስናባዛው n/(2n+2)። n ሲያድግ ወደ 1/2 ይሄዳል። ከ1 ያንሳል፤ ስለዚህ ዳይቨርጅ ያደርጋል።

ቴስቱን የማያምን ሰው በቀጥታ ማረጋገጥ ይችላል። የ1/n ሬሾ n/(n+1) ነው፤ 2n/(2n+2) ብለን ልንጽፈው እንችላለን። የኛው (2n+1)/(2n+2) ነው፤ ከላይ ያለው በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ የኛ ሲሪስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ1/n ያነሰ ይቀንሳል። n = 1 ላይ የኛው 1/2 ነው፣ የሱ 1። በግማሽ ጀምሮ ሁልጊዜ ከሱ ቀስ ብሎ የሚቀንስ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ተርም ቢያንስ 1/(2n) ነው። የ1/(2n) ድምር ደግሞ ያው የኦሬም ሃምሳ ሳንቲሞች ግማሽ ነው፤ ማለቂያ የለውም።

አሁን እነዚያኑ ተርሞች እያንዳንዳቸውን ለ2n+1 እናካፍል። 1፣ 1/6፣ 3/40 እያለ ይሄዳል። አዲሱ ሬሾ (2n+1)²/((2n+2)(2n+3)) ነው። አሁንም ከ1 ያንሳል፣ ሊሚቱ አሁንም 1 ነው። ከ1 ሲቀነስ ላይኛው 6n+5 ይሆናል፣ ታችኛው (2n+2)(2n+3)። በn ሲባዛ ወደ 6/4 ይሄዳል፤ 1.5 ማለት ነው። ከ1 ይበልጣል፣ ኮንቨርጅ ያደርጋል። ድምሩም የታወቀ ነው፤ የአርክሳይን ሲሪስ x = 1 ላይ ሲሆን π/2 ይሰጣል። ሁለቱም ከ1 ስር ሆነው ወደ 1 የመጡ ናቸው። በጸሐፊው ደንብ ሁለቱም አንድ መልስ ነበራቸው።

ራቤም ሁሉን ቻይ አይደለም። ውጤቱ ራሱ 1 ከሆነ እሱም ዝም ይላል። የሚገርመው 1/n ራሱ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው፤ n ጊዜ 1/(n+1) ወደ 1 ይሄዳል። 1/(n·(ln n)²) ላይም 1 ይወጣል፤ እሱ ግን ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ በኢንቴግራል ቴስት ይታያል። ስለዚህ 1/nን በራቤ ሠርታችሁ «ዳይቨርጅ» ብትጽፉ አራሚው ነጥብ ቢቀንስባችሁ እውነቱን ነው።

ጸሐፊው ይህን ካነበበ ጽሑፉን በሙሉ እንዲያነሳው አልጠይቅም። «ከ1 እየበለጠ» የሚለው መስመር ይቆይ፤ ጠቃሚ ነው። ቀጣዩን ግን እንዲህ ቢያደርገው፦ «ከ1 እያነሰ ከመጣ ለ1 የጎደለውን በn አባዝታችሁ እዩ»። ተማሪዋ በቢጫ ያሰመረችበት ላይ ይህንኑ በእርሳስ ጽፋዋለች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ 1/(n·√n)ን መሥራት ጀመረች፤ 1.5 እንደሚወጣ ሳልነግራት ነው የወጣሁት።